ከሸሚዙ ዋጋ በስተጀርባ፦ የራና ፕላዛ አደጋና የጋራ ኃላፊነት

ሚያዝያ 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ከባንግላዴሽ ዋና ከተማ ከዳካ ወጣ ብላ በምትገኘው ሳቫር፣ ራና ፕላዛ የተባለው ባለስምንት ፎቅ ሕንፃ ተሰነጠቀ። በሕንፃው ውስጥ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን አስወጣ። በማግስቱ ጠዋት ግን የአምስቱ ልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ሠራተኞች እንዲገቡ ታዘዙ። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሣ ሕንፃው ተደረመሰ፤ 1,134 ሰዎች አለቁ።

ጥፋተኛው ማን ነው ቢባል መልሱ ሩቅ አይደለም። ያለ ተገቢ ፈቃድ ፎቅ የደራረበው ባለቤትና ሠራተኞቹን ያስገቡት ኃላፊዎች ናቸው። ሆኖም አንድ ኃላፊ ከተሰነጠቀ ሕንፃ ይልቅ የአንድ ቀን ሥራ መስተጓጎል ለምን አስፈራው? የዘገየ ጭነት ትእዛዙን ሊያሰርዝ፣ ዋጋውን ሊያስቀንስ ወይም ዕቃውን በፋብሪካው ወጪ በአውሮፕላን ሊያስልክ ይችላል። ቀነ ገደቡንም ዋጋውንም የሚወስነው ገዥው ኩባንያ ነው፤ የኩባንያው ስሌት ደግሞ እኛ ርካሽ ልብስ በመፈለጋችን ላይ የቆመ ነው።

ፈላስፋዋ አይሪስ ማሪዮን ያንግ ጥፋተኝነትንና ኃላፊነትን የለየችው ለእንዲህ ያለው ሰንሰለት ነው። ሸሚዙን የገዛ ሰው ገዳይ አይደለም። ነገር ግን ጉዳቱን በሚያመርተው ሥርዓት ውስጥ በድርጊቱ ስለሚሳተፍ፣ ሥርዓቱን ከሌሎች ጋር ሆኖ የመለወጥ ግዴታ አለበት። «ከሌሎች ጋር» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው፤ ብቻዬን መግዛት ባቆም ሰፊዋ ሥራዋን ልታጣ ትችላለች እንጂ ምሰሶው አይጠገንም።

ምሰሶ ያስጠገነው ውል ነው። ከአደጋው በፊት በ2012 (እ.ኤ.አ.) የፋብሪካ ደኅንነት ስምምነት የፈረሙት ፒቪኤችና ቺቦ የተባሉ ሁለት ኩባንያዎች ብቻ ነበሩ። ከአደጋው በኋላ በሠራተኛ ማኅበራትና በሸማቾች ግፊት የፈራሚዎቹ ቁጥር ከ200 በለጠ፤ ከ1,600 በላይ ፋብሪካዎችም ተፈተሹ። ስምምነቱ ጥርስ ነበረው፤ ማኅበራቱ ቃሉን ያጠፈውን ኩባንያ በግልግል ዳኝነት መጠየቅ ይችሉ ነበር፤ ጥገና እምቢ ያለው ፋብሪካም ትእዛዝ ይነፈግ ነበር።

ውሉ ግን ሕንፃን እንጂ ደመወዝን አልነካም። ያው ፒቪኤች ቀደምት ደንበኛ በነበረበት በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ጥናት የሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር አሳይቷል። በአገራችን ለግል ዘርፍ የተደነገገ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አልነበረም፤ የሐዋሳ ሰፊዎች ደመወዝም በአንድ ኩባንያ በጎ ፈቃድ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ሸማቹ ልብስ ሻጩን ኩባንያ «ሥነ ምግባር አለህ?» ብሎ አይጠይቀው። «የፈረምከው ውል ምን ይላል? ከየትኛው ሠራተኛ ማኅበር ጋር ተፈራረምክ? ብታፈርሰውስ ማን ይከስስሃል?» ብሎ ይጠይቀው።