«የማይለጠጥ» ወይስ «ተለጣፊ»?

«የማይለጠጥ ግጭት» የሚል ሐረግ በፊዚክስ ማስታወሻዎች ውስጥ ሥር እየሰደደ ነው። ስያሜው ተጋጭተው አብረው ለሚቀሩ ነገሮችም የሚሰጥ ሲሆን፣ ከተለመዱት ምሳሌዎች አንዱ በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ወድቃ የምትቀር የሸክላ ጭቃ ናት። ሸክላ ሠሪ እንደ ልቧ የምትስበው ጭቃ «የማይለጠጥ» ከተባለ፣ የሚለጠጠው ምን ሊሆን ነው?

«ለጠጠ» ሲስቡት መርዘምን ይናገራል። እዚህ የተፈለገው ግን ተጋጭቶ መመለስ ወይም አለመመለስ ነው። ለመመለሱ «ነጠረ» አለን፤ ኳስ ይነጥራል። ስለዚህ የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ሳይጎድል የሚላቀቁበት «ነጣሪ ግጭት» ይባል። ቅቤም ይነጠራል የሚል ቢነሳ፣ «ግጭት» የሚለው ቃል አጠገቡ ቆሞ ያርመዋል።

ለማይላቀቁት «ውሁድ ግጭት» ያሉ አሉ፤ ይህ ግን ኬሚስትሪ ነው። «ተጣባቂ» አይከፋም፤ ሆኖም ሙጫ ይሸታል። እኔ የምመርጠው «ተለጣፊ ግጭት»ን ነው፤ ጭቃ ሲወረወር ግድግዳ ላይ ይለጠፋልና።

ስያሜውን በቁጥር እንፈትሸው። ዲስኩ 2 ኪሎ ግራም፣ ሬዲየሱ 0.2 ሜትር ነው፤ ያለ ሞተርና ያለ ሰበቃ በሰከንድ 10 ራዲያን ይዞራል። 0.25 ኪሎ ግራም ጭቃ ጠርዙ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። የዲስኩ የመሽከርከር እንቢታ 0.04 ነበር፤ ጭቃዋ 0.01 ጨመረችበት። የሽክርክሪት ሞመንተሙ 0.4 እንደሆነ ስለሚቆይ ፍጥነቱ ወደ 8 ይወርዳል። ኢነርጂው ግን ከ2 ጁል ወደ 1.6 ዝቅ ይላል።

0.4 ጁል የት ገባ? ጭቃዋ እስክትለጠፍ ድረስ ዲስኩ ከሥሯ እየተንሸራተተ ያልፋል። የሚጎትቱበት ኃይል እኩልና ተቃራኒ ስለሆነ አንዱ ያጣውን የሽክርክሪት ሞመንተም ሌላው ያገኛል። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት የዲስኩ ጠርዝ ከጭቃዋ የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ዲስኩ 0.72 ጁል ሲያጣ ጭቃዋ የምታገኘው 0.32 ብቻ ነው፤ ቀሪው ሙቀት ሆነ።

«የሽክርክሪት» የሚለው ቅጽልም መጣል የለበትም። ጭቃዋ አንድ ጠርዝ ላይ ስለተለጠፈች የሁለቱ ቀጥተኛ ሞመንተም አይጠበቅም፤ መሃሉን የያዘው ዘንግ ይገፋል። ግፊቱ በዘንጉ በኩል ስለሚያልፍ ግን ሽክርክሪቱን አይነካም። ዲስኩ በሞተር የሚነዳ ቢሆን ኖሮ የሽክርክሪት ሞመንተሙም አይጠበቅም ነበር፤ ፍጥነቱ ወደ 10 ይመለስ ነበር።

«ተለጣፊ» የሚያገለግለው ፈጽሞ ለማይላቀቁት ነው። ነጥሮ ኢነርጂ ያጎደለውን «ከፊል ነጣሪ» እንበለው። ሦስቱን ስም የሰማ ተማሪ ኢነርጂ የጎደለበትን ግጭት ሒሳብ ሳይጀምር ይለያል፤ «የማይለጠጥ» ይህን አይነግረውም።