የድረ ገጽ ማስተናገጃ (ሆስቲንግ)

የድረ ገጽ ማስተናገጃ ወይም ሆስቲንግ የድረ ገጽን ፋይሎች ሁልጊዜ ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ አስቀምጦ ለሚጠይቅ ሁሉ የማድረስ አገልግሎት ነው። በብዛት የሚታወቁት ሦስት ዓይነቶች የጋራ ሆስቲንግ፣ ቨርቹዋል ፕራይቬት ሰርቨር (ቪፒኤስ) እና ስታቲክ ሆስቲንግ ናቸው። ልዩነታቸው ከዋጋው ይልቅ ሰርቨሩን ማን ይጠብቃል በሚለው ላይ ነው።

ለምሳሌ በሶማሌ ክልል በሶማሌላንድ ድንበር ላይ በምትገኘው ቶጎጫሌ የሚሠራ የጉምሩክ ትራንዚተር እንውሰድ። ደንበኞቹ በጅግጅጋ፣ በሐርጌሳና በበርበራ የሚገኙ ሲሆን፣ ድረ ገጹን የሚከፍቱት በሞባይል ዳታ ነው። የሚፈልገው ስድስት ገጽ ብቻ ነው፤ አድራሻ፣ የሚያስፈልጉ ሰነዶች ዝርዝርና በየሳምንቱ የሚቀየር የማጓጓዣ ዋጋ።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ '''ስታቲክ ሆስቲንግ''' ይበቃል። ገጾቹ አስቀድመው የተዘጋጁ ፋይሎች ናቸው፤ ሰርቨሩ እንዳሉ ይሰጣል እንጂ ምንም አያሰላም። ዳታቤዝም የአስተዳዳሪ መግቢያም ሰርቨሩ ላይ ስለሌለ ሰርጎ ገብ የሚሰብረው በር ትንሽ ነው፤ የሚጠበቀው የአገልግሎቱ አካውንት የይለፍ ቃል ነው። እያንዳንዱ ገጽ 200 ኪሎባይት ቢሆንና በወር 3,000 ጊዜ ቢከፈት ጠቅላላው 600 ሜጋባይት ነው። GitHub Pages በወር እስከ 100 ጊጋባይት ስለሚፈቅድ ይህ ከገደቡ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ሆኖም አገልግሎቱ ለኦንላይን ሽያጭ የሚውል ድረ ገጽን አይፈቅድም፤ ለንግድ ቤት Cloudflare Pages የተሻለ ነው። ስታቲክ ገጽ የደንበኛን መልእክት ተቀብሎ ማስቀመጥ አይችልም። በድንበር ከተማ ግን ደንበኛ ቅጽ ከሚሞላ መደወልን ስለሚመርጥ፣ የሚከተለው ዓይነት ማገናኛ ጉዳዩን ይፈታል (ከ251 በኋላ ስልኩ ያለ 0 ይጻፋል)፦

```
<a href="https://wa.me/2519XXXXXXXX">በዋትስአፕ ይጻፉልን</a>
```

ትራንዚተሩ በኋላ ሦስት ሠራተኞች ከተለያየ ከተማ የጭነት መረጃ እንዲያስገቡ ቢፈልግ ዳታቤዝ ያስፈልገዋል። በዚህ ጊዜ '''የጋራ ሆስቲንግ''' ይመጣል። በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ደንበኞች ይቀመጣሉ፤ ሰርቨሩን የሚያድሰው አቅራቢው ነው፤ ደንበኛው በ cPanel በኩል እንደ WordPress ያለውን ይጭናል። ነገር ግን WordPress ራሱንና ተጨማሪዎቹን ማደስ የደንበኛው ሥራ ሆኖ ይቀራል፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም ይህንን ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተመደበው አቅም ሲያልቅ ብዙ ጊዜ `508 Resource Limit Is Reached` የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ይህ ሲታይ ወዲያው ወደ ትልቅ ጥቅል ከመዛወር በፊት ከባድ ተጨማሪዎችን ማጥፋትና ገጾችን የሚያስቀምጥ ካሽ መክፈት ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ እዚያ ነው።

'''ቪፒኤስ''' ከአንድ ትልቅ ሰርቨር ተከፍሎ የተሰጠ፣ የራሱ ሜሞሪና ስርዓተ ክወና ያለው ክፍል ነው። ባለቤቱ ሁሉንም ማድረግ ይችላል፤ ሁሉንም የማድረግ ግዴታም አለበት። የሚያስፈልገው ያለማቋረጥ የሚሠራ ፕሮግራም ላለው ሰው ነው፤ ለምሳሌ ከጭነት መኪኖች ጂፒኤስ መረጃ በየደቂቃው ለሚቀበል። (የቴሌግራም ቦት ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ በዌብሁክ ከተሠራ በጋራ ሆስቲንግም ይሠራል።) 1 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ቪፒኤስ ላይ የተለመደው ብልሽት ሜሞሪ ሲያልቅ ሊኑክስ ዳታቤዙን መዝጋቱ ነው። ድረ ገጹ ሌሊት ወድቆ ጠዋት ያለምክንያት የቆመ ቢመስል በዚህ ትእዛዝ ይጣራል፦

```
sudo dmesg -T | grep -i "out of memory"
```

`Killed process` ከሚለው ቀጥሎ የዳታቤዙ ስም ከታየ ስዋፕ ፋይል መጨመር ወይም ሜሞሪውን ማሳደግ ያስፈልጋል። ይህን የሚከታተል ሰው የሌለው ድርጅት ቪፒኤስ መግዛት የለበትም።

በኢትዮጵያ ምርጫውን የሚወስን ሌላ ነገር ክፍያ ነው። የውጭ አቅራቢዎች የሚቀበሉት በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ110 ብር አለፈ፤ በወር 5 ዶላር የሚከፈልበት ቪፒኤስ የዓመት ወጪ ከ3,420 ብር ወደ 6,600 ብርና ከዚያ በላይ ወጣ ማለት ነው። ካርዱ ካልሠራ አቅራቢው መጀመሪያ ያግዳል፣ ቆይቶም ይሰርዛል። የስታቲክ ገጽ ሙሉ ቅጂ አስቀድሞ በባለቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይገኛል፤ በጋራ ሆስቲንግና በቪፒኤስ ግን ዳታቤዙን በየሳምንቱ አውርዶ ማስቀመጥ የግድ ነው። በአገር ውስጥ ኢትዮ ቴሌኮም በብር የሚከፈልበት ሆስቲንግ ያቀርባል፤ የ`.et` ዶሜንም የሚያስተዳድረው እሱ ነው።

የኢንተርኔት መቋረጥም ይታሰባል። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ በጅግጅጋ ሁከት ሲነሳ በክልሉ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ውጭ አገር የተቀመጠ ድረ ገጽ ለሐርጌሳ ደንበኛ መከፈቱን ይቀጥላል፤ ባለቤቱ ግን ሊያስተካክለው አይደርስበትም። ስታቲክ ገጽ ሳይነካ ለሳምንታት ሲቆይ፣ ቪፒኤስ ግን በዚያ መሃል ቢወድቅ እንደወደቀ ይቆያል። የዋጋ ዝርዝር የሚያወጣ ሰው ከገጹ ላይ የታደሰበትን ቀን የሚጽፈውም ለዚህ ነው።