ፕላቶ የተባለው የጥናት ስም

በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. በዶናልድ ቢትዘር መሪነት የተጀመረው በኮምፒዩተር የማስተማር ጥናት «ፕላቶ» ተባለ። ይህም ሊቃውንቶቻችን አፍላጦን የሚሉት የግሪክ ፈላስፋና መምህር ስም ነው። ፊደሎቹ የተለቀሙት «ፕሮግራምድ ሎጂክ ፎር አውቶማቲክ ቲቺንግ ኦፕሬሽንስ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ሲሆን፣ ፍችው «በመሣሪያ ለሚከናወን የማስተማር ሥራ የተዘጋጀ ሥነ አመክንዮ» እንደ ማለት ነው። «ፎር» የምትለው ቃል ፊደልዋ አልተቆጠረችም፤ ብትቆጠር ስሙ ለንባብ ባልተመቸ ነበር። «ኦፕሬሽንስ» ግን ብትቀርም ትርጉሙ እምብዛም ባልጎደለ፤ የጠቀመችው ለመጨረሻው ድምፅ ነው። ቢሆንም ሐረጉ ሥራውን በእውነት ስለሚገልጽ በጥናት ጽሑፍ ላይ ቀልድ አይመስልም። በ1973 ዓ.ም. ተጠቃሚዎቹ በዚያው መሣሪያ መልእክት ይለዋወጡ ጀመር። ሐረጉ ይህን አዲስ ሥራ አላቀፈውም፤ ስሙ ግን ሳይለወጥ ቀጠለ።