የአሮጌ ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ስንጥቅ፤ ከጥገና በፊት መንሥኤውን መለየት

በአንድ አሮጌ ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ሲታይ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታሰበው ግንበኛ ጠርቶ በሲሚንቶ ማስደፈን ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ስንጥቁ በዚያው ቦታ ወይም ከጎኑ ተመልሶ ይወጣል። ስንጥቅ ምልክት እንጂ ራሱ በሽታው አይደለምና። በድንጋይና በኖራ በተገነቡ ሕንፃዎች ላይ በብዛት የሚታዩት መንሥኤዎች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም የመሠረት መስመጥ፣ በሙቀትና በቅዝቃዜ የሚመጣ መለጠጥና መኮማተር እንዲሁም ከአቅም በላይ የሆነ ጭነት ናቸው። የሦስቱም ጥገና የተለያየ ስለሆነ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

የመሠረት መስመጥ

መሠረቱ በሙሉ እኩል ቢሰምጥ ግድግዳው እምብዛም አይሰነጠቅም። የሚሰነጠቀው አንዱ ክፍል ከሌላው ይልቅ ሲወርድ ነው። ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ ሰያፍ ሆኖ፣ የድንጋዮቹን መጋጠሚያ እየተከተለ እንደ ደረጃ ይወጣል፤ በመስኮትና በበር ማዕዘን በኩል ማለፍ ይወዳል። የሰመጠው የሕንፃው ማዕዘን ከሆነ ስንጥቁ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ይሆናል። የሰመጠው የግድግዳው መካከል ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ከታች ይሰፋል። በሩ መግጠም ሲያስቸግር ወይም የመስኮቱ ደፍ በውሃ ልክ ሲለካ ዘንበል ብሎ ሲገኝ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

በሀገራችን በብዙ ቦታ የሚገኘው መረሬ የተባለው ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ይኮማተራልም። የሕንፃው ዳር ከመካከሉ ይልቅ ቶሎ ስለሚደርቅ በበጋ መጨረሻ ማዕዘኖቹ ይወርዳሉ። ለግድግዳው ቀርቦ የተተከለ ባሕር ዛፍ ውሃውን ከመሠረቱ ሥር እየሳበ ይህን ያባብሰዋል።

የሙቀትና የቅዝቃዜ እንቅስቃሴ

አንድ ሜትር ኮንክሪት ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር በግምት የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ያህል ይረዝማል። ይህ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን 18 ሜትር ርዝመት ያለው የኮንክሪት ጣሪያ በጧትና በከሰዓት መካከል ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ቢለያይ 3.6 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ከሥሩ ያለው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ግን ቶሎ ስለማይሞቅ አብሮት አይለጠጥም። ስለዚህ ጣሪያው የግድግዳውን ራስ እየገፋ ከጣሪያው ሥር አግድም፣ በማዕዘኖቹም አጠገብ ሰያፍ ወይም ቁልቁል የሆነ ስንጥቅ ያወጣል። ይህ ስንጥቅ ወደ መሠረቱ ሲወርድ እየጠፋ ይሄዳል። ብዙ ጊዜም የሚታየው ጥንታዊው የእንጨትና የሣር ክዳን ተነሥቶ ኮንክሪት በተተካበት ሕንፃ ላይ ነው።

ከአቅም በላይ የሆነ ጭነት

ይህ ከሦስቱ እጅግ አደገኛው ሲሆን በመልኩ ግን እጅግ ትንሹ ሊሆን ይችላል። በዓምድ ላይ ወይም ሠረገላው ግድግዳውን በሚጫንበት ቦታ ሥር፣ ጎን ለጎን የቆሙ ቀጫጭን ቁልቁል ስንጥቆች ይታያሉ። መጋጠሚያውን ብቻ ሳይከተሉ ድንጋዩን ራሱን ሰንጥቀው ያልፋሉ። የድንጋዩ ጠርዝ ይፈረፈራል፤ የግድግዳው ፊትም ወደ ውጭ ያብጣል፤ በመዶሻ ቀስ ብሎ ሲመታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። በዚህ ጊዜ በሕንፃው ላይ የተጨመረ ነገር አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ የደወል ቤት፣ የውሃ ማጠራቀሚያ ወይም አዲስ የኮንክሪት ንጣፍ ሊሆን ይችላል።

በልኬት ማረጋገጥ

መልክ ብቻውን ሊያሳስት ስለሚችል መለካት ያስፈልጋል። በስንጥቁ ግራና ቀኝ፣ ሥዕል በሌለበት ቦታ፣ ሁለት ትናንሽ ብሎኖች ይተከሉና በመካከላቸው ያለው ርቀት በካሊፐር ይለካል። በስንጥቁ ላይ መስተዋት በጀሶ መለጠፍም የተለመደ ነው፤ ሆኖም መስተዋቱ መሰበሩ እንቅስቃሴ መኖሩን ብቻ ይነግረናል እንጂ መጠኑንና አቅጣጫውን አይነግረንም።

ዋናው ነገር መቼ እንደሚለካ ማወቅ ነው። በደጋው ሀገራችን የሙቀት ልዩነት ከወር ወደ ወር ሳይሆን ከጧት ወደ ከሰዓት ይበዛል። የአፈሩ እርጥበት ግን በአንድ ቀን አይለወጥም፤ ከክረምት ወደ በጋ እንጂ። ስለዚህ በአንድ ቀን ውስጥ ጧት በ12 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት ሲለካ የሚለዋወጥ ስንጥቅ የሙቀት ነው። ቀኑን ሙሉ ጸንቶ ከወቅት ወደ ወቅት የሚለዋወጠው የመሬት ነው። በየትኛውም ጊዜ ወደ ኋላ ሳይመለስ የሚጨምረው ደግሞ ጭነትን ያስጠረጥራል።

ለማስረዳት ያህል ሦስት ስንጥቅ ያለበትን አንድ ሕንፃ እናስብ። የመጀመሪያው በሰሜን ምዕራብ ማዕዘን ያለ ሰያፍ ስንጥቅ ሲሆን በኅዳር 3፣ በግንቦት 6፣ በመስከረም 4፣ በሚቀጥለው ኅዳርም 4 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከወቅቱ ጋር ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ነገር ግን በዓመቱ 1 ሚሊ ሜትር ትቶ አልፏል። እንግዲህ መሬቱ ገና አልረጋም። ሁለተኛው ከጣሪያው ሥር ያለ ሲሆን ጧት 1.2፣ ከሰዓት 2.4፣ በማግሥቱ ጧት እንደገና 1.2 ሆነ። ይህ የሙቀት ነው። ሦስተኛው በዓምዱ ላይ ያለ ሲሆን በጥር 0.4፣ በየካቲት 0.6፣ በመጋቢት 0.9 ሆነ። ከሁሉ ቀጭኑ እርሱ ቢሆንም አስቀድሞ መድረስ ያለብን ለእርሱ ነው።

ጥገናው

ለዓምዱ ልኬቱ እስኪያልቅ መጠበቅ አይገባም። እንዲህ ያለ ምልክት እንደታየ ምእመናን ከአካባቢው እንዲርቁ ይደረጋል፣ የመዋቅር መሐንዲስ ይጠራል፣ በእርሱ ትእዛዝም ድጋፍ ይቆማል፣ የተጨመረው ጭነት ይቀነሳል። ከዚያ በፊት ስንጥቁን መለሰን አደጋውን ከዓይን መሰወር ብቻ ነው።

ለማዕዘኑ ሥራው የሚጀመረው ከውጭ ነው። የጣሪያው ውሃ በአሸንዳና በቦይ ከግድግዳው እንዲርቅ ይደረጋል፤ ባሕር ዛፍ ካለ የመሬት ባለሙያ ከተማከረ በኋላ ይነሣል፤ ቆርጦ መጣል ደረቁን አፈር መልሶ ሊያሳብጠው ይችላልና። ከዚያም ሌላ ዓመት ይለካል። ስንጥቁ በኖራ የሚሞላው እንቅስቃሴው ከቆመ በኋላ ነው፤ ካልቆመ ግን መሠረቱ ራሱ ይመረመራል።

የሙቀቱ ስንጥቅ በጠንካራ ሲሚንቶ ቢሞላ መሙያው እንደ ሽብልቅ ሆኖ እንዳይዘጋ ያግደዋል፤ ግድግዳውም ከጎን ይሰነጠቃል። መፍትሔው ጣሪያው በግድግዳው ላይ እንዲንሸራተት በመሐንዲስ ንድፍ ክፍተት መስጠትና ፀሐዩን ከኮንክሪቱ ላይ መከላከል ነው።

በግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሥዕል ካለ ስንጥቁን ለማየት ተብሎ ሸራው አይላጥ። በሸራው ላይ የሚታየው መሸብሸብና መቀደድ የስንጥቁን መንገድ ያሳያል። ሕንፃው ቅርስ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለጥገናው አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። በየጊዜው የተመዘገበው ልኬትም ከፎቶግራፍ ጋር በሰበካ ጉባኤው መዝገብ ቢቀመጥ ለሚመጣው መሐንዲስ የመጀመሪያው ማስረጃ ይሆናል።