የኤል ቅርጽ እና የሦስት ማዕዘን ቦታ ስፋት

የኤል ቅርጽ እና የሦስት ማዕዘን ቦታ ስፋት ለንጣፍ ወይም ለግንባታ የሚያስፈልገው ዕቃ ከመገመቱ በፊት ከእጅ ንድፍ ላይ በካሬ ሜትር የሚሰላ መጠን ነው። የቀጤ አራት ማዕዘን ቦታ ስፋት ርዝመቱን በወርዱ በማባዛት ይገኛል። በእነዚህ ሁለት ቅርጾች ግን የትኛው ቁጥር ከየትኛው ጋር እንደሚባዛ ካልታወቀ፣ ልኬቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ስሌቱ ይሳሳታል።

ንድፉ በሚዛን የተሳለ መሆን አያስፈልገውም። የሚፈለገው እያንዳንዱ ጎን ቦታው ላይ በሜትር ተለክቶ ቁጥሩ በየመስመሩ ላይ መጻፉ ነው። ጎን በወረቀቱ ላይ አጭር ቢመስልም የሚታመነው የተጻፈው ቁጥር ነው።

የኤል ቅርጽ

በእንግሊዝኛው ፊደል ኤል የተሰየመው ይህ ቅርጽ ስድስት ጎኖች አሉት። ለምሳሌ የአንድ ግቢ የታች ጎን 18 ሜትር፣ የግራ ጎኑ 14 ሜትር፣ የላይ ጎኑ 10 ሜትር ይሁን። ከላይኛው ጎን ጫፍ ወደ ታች 6 ሜትር ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ 8 ሜትር ይሄዳል፣ በመጨረሻም በቀኝ በኩል 8 ሜትር ወርዶ ከታችኛው ጎን ጋር ይገናኛል።

ከማባዛት በፊት ልኬቱ ይፈተሻል። ሁለቱ አግድም አጫጭር ጎኖች ሲደመሩ ረጅሙን መስጠት አለባቸው፤ እዚህ 10 + 8 = 18 ነው። ወደ ላይ የቆሙትም እንዲሁ 6 + 8 = 14 ይሆናሉ። ድምሩ ካልገጠመ ወይ አንድ ጎን በስህተት ተለክቷል፣ ወይ አንዱ ማዕዘን ቀጤ አይደለም። ማዕዘኑን ለመለየት ከማዕዘኑ ላይ በአንዱ ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ምልክት ይደረጋል፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት በትክክል 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጤ ነው።

ቀጥሎ በንድፉ ላይ አንድ መስመር ተሰምሮ ቅርጹ ለሁለት ይከፈላል። አግድም ቢከፈል የታችኛው ክፍል 18 × 8 = 144፣ የላይኛው 10 × 6 = 60፣ ድምሩ 204 ካሬ ሜትር ነው። የተለመደው ስህተት ለላይኛው ክፍል ከ6 ይልቅ ሙሉውን 14 ሜትር መውሰድ ነው። ያን ጊዜ 144 + 140 = 284 ይመጣል፤ 10 በ8 የሆነው ማዕዘን ሁለት ጊዜ ስለተቆጠረ 80 ካሬ ሜትር ይጨምራል። ይህን ለመያዝ የሚቀለው መንገድ ስፋቱን በመቀነስም ማስላት ነው፦ ሙሉው አራት ማዕዘን 18 × 14 = 252፣ የጎደለው ጥግ 8 × 6 = 48፣ ልዩነቱ 204። ሁለቱ መንገዶች አንድ መልስ ካልሰጡ አንዱ ላይ ስህተት አለ።

ሦስት ማዕዘን

የሦስት ማዕዘን ስፋት መሠረቱ በቁመቱ ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል ነው። ቁመት ማለት ከጫፉ ወደ መሠረቱ በቀጤ ማዕዘን የሚወርደው ርቀት እንጂ ዘመም ያለው ጎን አይደለም። ጎኖቹ 13፣ 14 እና 15 ሜትር የሆነ ቦታ 14ቱ በመንገዱ በኩል ቢሆን፣ 13ን እንደ ቁመት የወሰደ ሰው 13 × 14 ÷ 2 = 91 ያገኛል። ትክክለኛው ቁመት ግን 12 ሜትር ስለሆነ ስፋቱ 84 ካሬ ሜትር ነው።

ቁመቱን በቦታው ለማግኘት በመሠረቱ ላይ ሲባጎ ይወጠራል፤ የሜትሩ መነሻ በጫፉ ችካል ላይ ተይዞ ሌላው ጫፍ በሲባጎው ላይ ወዲህና ወዲያ ይንቀሳቀሳል። የሚነበበው ከሁሉ ትንሹ ቁጥር ቁመቱ ነው። አንዱ ማዕዘን በጣም የተከፈተ ከሆነ ቁመቱ ከመሠረቱ ውጭ ሊወድቅ ስለሚችል ረጅሙን ጎን መሠረት ማድረግ ይሻላል።

በመካከል ቤት ወይም ዛፍ ካለ ቁመት መለካት አይቻልም። ያን ጊዜ በእስክንድርያው ሄሮን ስም የሚጠራው ቀመር ሦስቱን ጎኖች ብቻ ይጠቀማል። የጎኖቹ ድምር 42፣ ግማሹ 21 ነው። ከ21 እያንዳንዱ ጎን ሲቀነስ 8፣ 7 እና 6 ይቀራል፤ 21 × 8 × 7 × 6 = 7056 ሲሆን የዚህ ቁጥር ስኩዌር ሩት 84 ነው።

ከስፋት ወደ ዕቃ ብዛት

40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የግቢ ታይልስ 0.16 ካሬ ሜትር ስለሚሸፍን ለአንድ ካሬ ሜትር 6.25 ያስፈልጋል። ስለዚህ ለኤል ቅርጹ 1275፣ ለሦስት ማዕዘኑ 525 ይሆናል። ከላይ የተጠቀሰው የ80 ካሬ ሜትር ስህተት ብቻውን 500 ታይልስ ያለ ጥቅም ያስገዛል።

ለሚቆረጠውና ለሚሰበረው የሚጨመረው መጠን ለሁለቱ ቅርጾች እኩል አይደለም። በኤል ቅርጽ ጠርዞቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ በልምድ ወደ 5 በመቶ ይጨመራል፤ ይህም በድምሩ 1339 ያህል ነው። በሦስት ማዕዘን ግን በ13 እና በ15 ሜትሩ ጎኖች ላይ ያለው ታይልስ ሁሉ በዘመም ይቆረጣል። የሁለቱ ጎኖች ዝመት ስለሚለያይ የአንዱ ቁራጭ ለሌላው እምብዛም አይገጥምም፤ ስለዚህ 10 በመቶ ተጨምሮ ወደ 578 ይገዛል።