ከ07 እስከ +251፦ የቦንጋ የስልክ ቁጥርና በንክኪ የሚደረግ ጥሪ

ማንኛውም የስልክ ቁጥር ሁለት ጠባይ አለው። በአንድ በኩል የአንድ ቤት ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት መለያ ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ ጠሪው ካለበት ቦታ ተነሥቶ ወደዚያ ቤት የሚደርስበትን መንገድ ያመለክታል። ሁለቱ ጠባዮች ለረጅም ዘመን ተቀላቅለው ሲኖሩ ብዙ ችግር አልተፈጠረም። ቁጥሩን የሚመታው ሰው ስለ ነበረ፣ ራሱ ያለበትን አገር እያሰበ የሚጨምረውን ይጨምር፣ የሚቀንሰውንም ይቀንስ ነበርና። ዛሬ ግን በተንቀሳቃሽ ስልክ በተከፈተ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን በጣት መንካት ብቻ ጥሪውን ያስጀምራል። ይህን እርማት የሚያደርግ ሰው በመካከል ስለሌለ፣ በገጹ ውስጥ የተቀመጠው ቁጥር መለያ ነው ወይስ መንገድ የሚለው ጥያቄ ጥሪው መድረሱንና አለመድረሱን የሚወስን ሆኗል። ይህን በአንድ የቦንጋ ቁጥር ታሪክ እንመልከት።

የከፋ ዞንና መቀመጫው ቦንጋ፣ ከጅማና ከአካባቢው ጋር በአንድነት፣ ለብዙ ዓመታት በ07 ይጠሩ ነበር። ከዚህ ቀጥሎ ስድስት አሃዞች ይመታሉ፤ ከዜሮው ጋር ስምንት መሆናቸው ነው። መስከረም 7 ቀን 1998 ዓ.ም. የአገሪቱ ቁጥሮች በሙሉ ሲለወጡ 07 ወደ 047 ተዛወረ፤ በስድስቱም አሃዞች ፊት አንድ አሃዝ ተጨመረ። ስለዚህ የዛሬው የቦንጋ መደበኛ ስልክ 047 331 ብሎ ጀምሮ አራት አሃዞች ያስከትላል። እውነተኛ ባለቤት ያለው ቁጥር ላለማውጣት፣ በዚህ ጽሑፍ የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች በዜሮ እንተካለን።

በዚህ ቁጥር መነሻ ላይ ያለው ዜሮ የቁጥሩ አካል አይደለም። በኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ጠሪ «ከአካባቢዬ ወጥቼ ወደ ሌላ አካባቢ ልደውል ነው» ብሎ ለመረቡ የሚሰጠው ምልክት ነው። የቁጥሩ እውነተኛ አካል 47 331 0000 ሲሆን፣ በዓለም መረብ ሲቆጠር በፊቱ የአገራችን መለያ 251 ይቆማል። የዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ኢ.164 በተባለው ደንቡ የወሰነው ይህንኑ ነው፦ የአገር መለያና የአገር ውስጥ ቁጥር ብቻ፣ በጠቅላላው ከ15 አሃዝ ሳይበልጥ። የመደመር ምልክቱም ቁጥሩ በዚህ ሙሉ ቅርጽ መጻፉን ይናገራል፤ ጠሪው ባለበት አገር ወደ ውጭ መውጫው 00 ይሁን 011፣ ስልኩና መረቡ ራሳቸው ያውቁታል።

በድረ ገጽ ላይ ቁጥርን ከጥሪ ጋር የሚያገናኘው ማስፈንጠሪያ ደንብ በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ቀጥሎም ተሻሽሎ በታኅሣሥ ወር 2004 አር.ኤፍ.ሲ. 3966 በሚል ስም ወጣ። የኢትዮጵያ ቁጥሮች የተለወጡት ከዚህ በኋላ ዓመት ሳይሞላ ነው። ደንቡ የሚጠይቀው፣ ቁጥሩ የዓለም አቀፍ ቅርጽ ካለው በመደመር ምልክት እንዲጀምር ነው፦

```
<a href="tel:+251473310000">+251 47 331 00 00</a>
```

በጥቅስ ምልክቶቹ መካከል ያለው ለስልኩ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ለአንባቢው ዓይን ነው። ለዓይን የሚጻፈው በክፍት ቦታ ቢከፋፈል ንባቡን ያቀላል፤ ለስልኩ የሚጻፈው ግን ክፍት ቦታ ሊኖረው አይገባም።

አሁን በዚህ ፈንታ ገጹን ያዘጋጀው ሰው `tel:0473310000` ብሎ ጻፈ እንበል። ቦንጋ ሆኖ ቢሞክረው ይደውላል፤ አዲስ አበባ ሆኖ ቢሞክረውም ይደውላል፤ ስለዚህ ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል። ነገር ግን የከፋ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልልነት ከተመዘገበ ወዲህ ወደ ቦንጋ የሚደውሉት የአገር ልጆች ብቻ አይደሉም። በዚያ አካባቢ የሚሠራ የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር አለ፤ ቡና ገዢዎችም ከውጭ ይደውላሉ። ጀርመን ያለ ሰው ያንኑ ማስፈንጠሪያ ሲነካ ስልኩ ዜሮውን የጀርመን ዜሮ አድርጎ ያነበዋል። በጀርመን ደግሞ በ047 የሚጀምሩት የሰሜኑ ከተሞች፣ ለምሳሌ የብሬመርሃፈን አካባቢ ቁጥሮች ናቸው። ጥሪው ቦንጋን ፍለጋ ከጀርመን ሳይወጣ ይቀራል፤ ምናልባትም የማያውቀውን ሰው ያስነሣል።

ከአሜሪካ የሚደውል ሰው የሚገጥመው ደግሞ ሌላ ነው። የከፋ ቡና ነጋዴ በአዲስ አበባ ቢሮ ቢኖረውና በ011 55 የሚጀምር ቁጥሩን እንዲሁ ቢያስቀምጥ፣ በዋሽንግተን ያለው ስልክ 011ን ወደ ውጭ አገር መውጫ፣ 55ን ደግሞ የብራዚል መለያ አድርጎ ይወስደዋል። የተቀሩት አሃዞች ለብራዚል ቁጥር ስለማይበቁ ጥሪው ይቋረጣል፤ ደዋዩም ቢሮው የተዘጋ ወይም ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል። ስህተቱ የሚታየው ሩቅ ላለው ብቻ ሲሆን፣ ሊያርመው የሚችለው ግን ቅርብ ያለው ነው፤ ለዓመታት ሳይታወቅ የሚኖረውም ስለዚህ ነው።

ስህተቱን ለማረም የሚደረግ ሙከራም ሌላ ስህተት ያስከትላል። ብዙ የደብዳቤ ራስጌዎች `+251 (0)47` ብለው ይጽፋሉ። አንባቢ ቅንፉን አይቶ ዜሮውን እንደ ሁኔታው ይተወዋል፤ ደንቡ ግን ቅንፍን ለዓይን ማከፋፈያ ብቻ አድርጎ ስለሚቆጥረው ስልኩ ቅንፉን ጥሎ ዜሮውን ይመታዋል። እንደዚሁም ሁለት መስመር ያለው መሥሪያ ቤት `00/01` ብሎ መጻፉ የተለመደ ነው። ለሰው ግልጽ ቢሆንም ለማስፈንጠሪያ ትርጉም የለውም፤ ለእያንዳንዱ መስመር የራሱን ማስፈንጠሪያ ማበጀት ያስፈልጋል።

ሙሉው ቅርጽ በአገር ውስጥም ይሠራል፤ መረቡ +251ን ሲያይ ጥሪው የአገር ውስጥ መሆኑን ይለያልና። ስለዚህ ለቦንጋና ለበርሊን ሁለት ማስፈንጠሪያ ማስቀመጥ አያስፈልግም። ከዚህ ውጭ የሚሆኑት እንደ 994 ያሉ የአገልግሎት አጭር ቁጥሮች ናቸው። እነርሱ የዓለም አቀፍ ቅርጽ ስለሌላቸው የመደመር ምልክት አይሰጣቸውም። የውጭ ጠሪን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤትም ከአጭሩ ጎን ሙሉ ቁጥሩን መጻፍ ይኖርበታል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ብዙ ስልኮች ማስፈንጠሪያው ሲነካ ከመደወላቸው በፊት ቁጥሩን ያሳያሉ። የኢትዮጵያ መደበኛም ሆነ ተንቀሳቃሽ ስልክ ከመደመር ምልክቱ በኋላ ልክ 12 አሃዝ ሊኖረው ይገባል። 13 ከሆነ ዜሮው ተረስቶ ገብቷል ማለት ነው። 10 ከሆነ ደግሞ ከ1998 ዓ.ም. በፊት የነበረ አሮጌ ቁጥር ከደብዳቤ ራስጌ ተገልብጦ ይሆናል። ይህ የመጨረሻው በተለይ በከፋ አሳሳች ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ 07 የሳፋሪኮም የተንቀሳቃሽ ስልኮች መነሻ ስለ ሆነ፣ የቀድሞው የቦንጋ 07 ለወጣቱ አንባቢ የሞባይል ቁጥር ይመስለዋል። ሁለቱን የሚለየው የአሃዞቹ ብዛት ነው፦ አሮጌው ከዜሮው ጋር 8፣ የዛሬው 10።