ጂኖም የሚለው ቃል ከየት መጣ?
ለትምህርት ቤት የሳይንስ ቀን የተዘጋጀ ንግግር



ጂኖም ምን እንደሆነ ለማስረዳት የሚነሳ አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ። ዛሬ እኔም በዚሁ ምሳሌ እጠቀማለሁ። ነገር ግን መጽሐፉን ከመግለጣችን በፊት ስሙን እንፍታ፤ ምክንያቱም ስሙ ከምሳሌው በብዙ ዓመት ይቀድማል። ጂኖም የሚለው ቃል የታተመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920 ነው። በዚያን ጊዜ የዘር ውርስ በዲኤንኤ እንደሚተላለፍ ያረጋገጠ ሰው አልነበረም። መጽሐፉ በምን ፊደል እንደተጻፈ፣ ምን ምን እንደሚል ሳይታወቅ ነው ስም የወጣለት።

ስሙን ያወጣው ሃንስ ቪንክለር የሚባል የሃምቡርግ የዕጽዋት ተመራማሪ ነው። የሚጽፈው መጽሐፍ ያለ አባት ስለሚወለዱ ዕጽዋትና እንስሳት ነበር። ወንድ ንብ የሚፈለፈለው ካልዳበረ እንቁላል ነው፤ እናት እንጂ አባት የለውም። ስለዚህ ሴቷ ንብ በየሕዋሷ 32 ክሮሞዞም ሲኖራት እሱ ያለው 16 ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ፍጥረት የሚያጠና ሰው ሁልጊዜ የሚጠይቀው፣ ይህ ፍጡር ስንት ሙሉ ስብስብ ክሮሞዞም ይዟል የሚለውን ነው። ቪንክለር ለዚያ አንድ ሙሉ ስብስብ የሚሆን ስም አጥቶ ጌኖም አለው፤ በጀርመንኛው አነባበብ። ከአንድ ወላጅ የሚመጣው፣ ለአንድ ዝርያ ሕይወት መሠረት የሆነው ስብስብ ማለቱ ነበር። ይህን ትርጉም ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ቃሉ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ክፍል ጂን ነው። እሱን ያወጣው ደግሞ ዴንማርካዊው ቪልሄልም ዮሐንሰን ነው፤ በ1909። ዮሐንሰን በወጣትነቱ በመድኃኒት ቤት ተለማማጅ ሆኖ የሠራ፣ ፋርማሲ የተማረ ሰው ነበር። ስሙን ያስጠራው ግን ቦሎቄ ነው። ከአንድ የቦሎቄ ተክል ብቻ የወረዱትን ዘሮች ለየብቻ እየዘራ፣ ፍሬያቸውን አንድ በአንድ ይመዝን ነበር። ከአንዱ ተክል ትውልድ ውስጥ ትልልቁን ፍሬ ለይቶ ቢዘራም፣ ትንንሹን ለይቶ ቢዘራም፣ የልጆቹ አማካይ ክብደት ያው ሆነ። ፍሬዎቹ በመጠን የተለያዩት በአፈር፣ በውኃና በቦታ እንጂ በውርስ አልነበረም። ስለዚህ የሚታየውን ቦሎቄ ከሚወረሰው ነገር መለየት ግድ ሆነበት። ለሚወረሰው ነገር ስም ያስፈልገው ነበር።

ስሙን ከባዶ አልፈጠረውም፤ ከነበረ ቃል ላይ ቆረጠው። ቻርልስ ዳርዊን በ1868 ፓንጄነሲስ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። እያንዳንዱ የሰውነት ክፍል ደቃቅ ነገር እየላከ በዘር ፍሬ ውስጥ ይከማቻል የሚል ነው። ፓን በግሪክኛ ሁሉም ማለት ነው። ሆላንዳዊው ሁጎ ደ ፍሪስ በ1889 ሐሳቡን አሻሽሎ ለውርስ ቅንጣቱ ፓንጄን የሚል ስም ሰጠው። ዮሐንሰን የዳርዊን ማብራሪያ ስህተት መሆኑን ያውቃል፤ ስለዚህ ፓንን ቆርጦ ጣለና ጂንን አስቀረ። ጂን ከምን እንደተሠራ፣ ምን እንደሚመስል አንዳች ግምት እንዳይጫንበት ብሎ ሆን ብሎ ባዶ ቃል አደረገው። በሳይንስ ቃላት ታሪክ ውስጥ ከዚህ ይበልጥ የማደንቀው ውሳኔ የለም። ቃሉ ግምት ስላልተሸከመ፣ የዲኤንኤ ሚና ሲታወቅም አልፈረሰም።

ሁለተኛው ክፍል ኦም ነው፤ እዚህ ላይ ሊቃውንት አልተስማሙም። ብዙ መዝገበ ቃላት ጂንና ክሮሞዞም ተዳቅለው የወለዱት ቃል ነው ይላሉ። በ2001 ግን ጆሹዋ ሌደርበርግና አሌክሳ ማክሬይ ሌላ አስተያየት ጻፉ። ኦም በዕጽዋት ሳይንስ የቆየ ቅጥያ ነው፤ ሪዞም በሚለው ውስጥ አለ፤ የአንድን ነገር ሙሉ ስብስብ ያመለክታል፤ ቪንክለርም የዕጽዋት ሰው ስለነበረ ይህን በደንብ ያውቀዋል አሉ። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ፤ ቃሉ የተፈለገው ለሙሉ ስብስብ ነበርና።

የእኛስ ቃላት? የግሪኩ ጌኖስ ዘር፣ ወገን ማለት ሲሆን ሥሩ ከመውለድ ይመጣል። የእኛ ዘር ግን ከእርሻ የመጣ ነው። በግዕዝ ዘርአ ዘራ ማለት ነው፤ ዕብራይስጡና ዐረብኛውም ይህንኑ ሥር ይጋራሉ። ዘረመል ስንል መሬት ላይ የወደቀው ፍሬ በቃሉ ውስጥ አለ። ለክሮሞዞም የተሰጠው ሀብለ በራሂ የሚለው ስም ደግሞ ከግዕዙ ሐብል ይነሳል፤ ገመድ ማለት ነው፤ ዛሬ አንገት ላይ የምናስረውም ሀብል ከዚያው ነው። ቪልሄልም ቫልዳየር በ1888 ክሮሞዞም ያለው ቀለም የሚቀበል አካል ለማለት ነበር፤ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ቀለም ሲነከር ነውና። የግሪኩ ስም የቤተ ሙከራውን ቀለም፣ የእኛው የነገሩን ቅርጽ ይናገራል።

አሁን መጽሐፉን እንክፈት። የሰው ጂኖም 23 ምዕራፍ ያለው የምግብ አሠራር መጽሐፍ ነው እንበል፤ ምዕራፎቹ ክሮሞዞሞች ናቸው። ፊደሎቹ አራት ብቻ ሲሆኑ A፣ T፣ G እና C ተብለው ይጻፋሉ። ጠቅላላ የፊደሉ ብዛት ሦስት ቢሊዮን ያህል ነው። በአንድ ገጽ 2000 ፊደል ብናሰፍር አንድ ሚሊዮን ተኩል ገጽ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ፕሮቲን ለመሥራት የሚያገለግሉት አሠራሮች ወደ 20,000 ይጠጋሉ፤ እነሱ የሚይዙት ከመቶ ገጽ ሁለቱን እንኳ አይሞላም። እያንዳንዱ አሠራር የሚያዘው ፕሮቲን እንዲሠራ ነው። የአፍንጫ አሠራር፣ የቁመት አሠራር የሚባል ገጽ የለም፤ አፍንጫና ቁመት ከብዙ ፕሮቲኖችና ከኑሮ የሚመጡ ናቸው።

አሠራር የሚለው ቃል ራሱ እዚህ ቦታው ነው። እንግሊዝኛው ሬሲፒ በላቲን ውሰድ የሚል ትእዛዝ ነበር፤ ሐኪም ለመድኃኒት ቀማሚው ሲጽፍ የሚጀምርበት ቃል ነው። ዮሐንሰን በተለማማጅነቱ ዘመን ሲያነበው የኖረው እንዲህ ያለ ወረቀት ነው። እኛም ሽንኩርቱን አቁላዪ፣ በርበሬውን ጨምሪ እያልን የምንጽፈው በትእዛዝ ነው። ጂንም እንዲሁ በተራ የተሰደረ ትእዛዝ ነው፤ ሦስት ሦስት ፊደል አንድ ቃል ይሆናል፤ እያንዳንዱ ቃል ማለት ይቻላል አንድ አሚኖ አሲድ ጨምር ይላል።

አንዱን ገጽ እናንብብ። በ11ኛው ምዕራፍ ውስጥ በደማችን ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን አንዱን ክፍል የሚያሠራ ገጽ አለ፤ ስሙ HBB ነው። የሚያዘው 146 አሚኖ አሲድ በተራ እንዲሰካ ነው። ስድስተኛው ላይ GAG ይላል፤ ግሉታሚክ አሲድ ጨምር ማለት ነው። በአንዳንድ ሰዎች መጽሐፍ ውስጥ መካከለኛዋ ፊደል ተቀይራ GTG ሆናለች፤ ይህ ቫሊን ጨምር ማለት ነው። የቀረው ገጽ ያው ነው። ነገር ግን ቫሊን የገባበት ሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን ሲለቅ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ይደረደራል፤ ክቡ የደም ሕዋስም እንደ ማጭድ ይቆለመማል፤ ቀጭን የደም ሥር ይዘጋል፤ ሕመም ያስከትላል። የልዩነቱን ምክንያት፣ የአንድ አሚኖ አሲድ መለወጥ መሆኑን፣ ቨርነን ኢንግራም በ1957 ካምብሪጅ ውስጥ አሳየ።

እዚህ ላይ ምሳሌው አንድ ነገር ይሸፍንብናል፤ መጽሐፉ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። አንዱ ከእናታችን፣ አንዱ ከአባታችን መጥቶ በየሕዋሳችን ጎን ለጎን ተቀምጧል። በአንዱ ብቻ GTG ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም ከብርቱ ወባ በመጠኑ ይጠበቃል። ይህ ፊደል ወባ በበዛባቸው አገሮች የበረከተው ለዚህ ነው። በሁለቱም GTG ያለው ግን ይታመማል። ታዲያ ጂኖም የምንለው አንዱን መጽሐፍ ነው ወይስ ሁለቱን? ቪንክለር ያለው አንዱን ነው። ዛሬ ግን የአንድ ሰው ጂኖም ተነበበ ሲባል ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ማለት ነው። አንድ ጽሑፍ ሦስት ቢሊዮን፣ ሌላው ስድስት ቢሊዮን ፊደል ሲል ብታገኙ ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ ቃሉ በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ስለሰፋ ነው።

የቪንክለር ጥንታዊ ትርጉም ግን አልሞተም፤ የሚኖረው በእህል አዳቃዮች አፍ ነው። ጃፓናዊው ሂቶሺ ኪሃራ ከ1930 ጀምሮ ስንዴን በዚህ ቃል ተነተነው። የፓስታው ስንዴ 28 ክሮሞዞም ያለው ኤ እና ቢ የተባሉ ሁለት ጂኖሞች ስላሉት ነው፤ የዳቦው ስንዴ 42 ያለው ዲ የተባለ ሦስተኛ ስለጨመረ ነው። ጤፋችንም እንዲሁ ነው። 40 ክሮሞዞሙ ከሁለት የጥንት ሣሮች የመጡ ሁለት የተለያዩ ጂኖሞችን ይዟል። እያንዳንዱ ጂኖም ደግሞ እንደ እኛው በእናትና በአባት ጥንድ ነው። በምሳሌያችን ብንናገር፣ ጤፍ የሁለት ቤት የምግብ አሠራር መጽሐፍ በአንድ ላይ ተጠርዞለታል። ብዙው አሠራር በሁለቱም ውስጥ ይገኛል። ለዚህ ነው ጤፍ እንዳይጋሸብ አገዳውን ማሳጠር የሚፈልግ አዳቃይ የሚቸገረው፤ በአንዱ ጂኖም ውስጥ ያለውን ለቁመት የሚያግዝ አንድ ገጽ ቢለውጥ፣ በሌላው ያለው ብዙ ጊዜ ሥራውን ይሸፍንለታል።

ምሳሌው የማይደርስበትም ቦታ አለ። በወጥ ቤት ውስጥ መጽሐፉን የሚያነብ ባለሙያ አለ። በሕዋስ ውስጥ ግን አንባቢው ራሱ ከዚያው መጽሐፍ የተሠራ ነው፤ ገጹን የሚገለብጠውም፣ ፕሮቲኑን የሚሰካውም ያው አሠራሩ በመጽሐፉ ያለ ነገር ነው። አሠራር ካልሆነው ሰፊ ክፍል ውስጥም የትኛው ገጽ፣ በየትኛው ሕዋስ፣ መቼ እንደሚከፈት የሚወስኑ ስፍራዎች አሉ። የጉበትና የቆዳ ሕዋስ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይዘው የተለያየ ነገር የሚሠሩት በዚህ ነው።

የ HBB ገጽም በቆዳችን ሕዋስ ውስጥ አለ፤ ግን አይከፈትም። የሚከፈተው በመቅኒ ውስጥ፣ ቀይ የደም ሕዋስ ሊሆኑ በሚያድጉ ሕዋሳት ውስጥ ነው። እነሱም ሄሞግሎቢኑን በብዛት ካዘጋጁ በኋላ ኒውክለሳቸውን፣ መጽሐፉን ከነመደርደሪያው፣ አውጥተው ይጥሉታል። በደም ሥራችን የሚዞረው ቀይ ሕዋስ የኒውክለስ ጂኖም የለውም፤ ቀድሞ በተዘጋጀለት ፕሮቲን 120 ቀን ያህል ይኖራል። ስለዚህ ነገ ለዘረመል ምርመራ ደም ስጡ ብትባሉ፣ ቤተ ሙከራው መጽሐፉን ፈልጎ የሚያነበው ከነጩ የደም ሕዋስ ነው።